አንዴ ብቻ የሚጠየቅ ፈቃድ፦ አይኦኤስ ለማሳወቂያ ፈቃድ የሚጠይቅበት ምክንያትና መተግበሪያዎች ሊጠይቁ የሚገባቸው ጊዜ

1. መግቢያ

በአይፎን ላይ አዲስ መተግበሪያ የጫነ ሰው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ገጽ እንኳ አንብቦ ሳይጨርስ አንድ አነስተኛ ሳጥን በስክሪኑ መካከል ብቅ ይልበታል። ሳጥኑ መተግበሪያው ማሳወቂያ ሊልክ እንደሚፈልግ ይገልጻል፤ ከሥሩም Don’t Allow እና Allow የሚሉ ሁለት ቁልፎች ይታያሉ። ተጠቃሚው በዚያች ቅጽበት መተግበሪያው ምን እንደሚሠራለት ገና አላየም። ስለዚህ ስለ ምን ጉዳይ፣ በምን ሰዓት፣ በቀን ስንት ጊዜ መልእክት እንደሚደርሰው የሚያውቅበት መንገድ የለውም። እንዲህ ያለ ሰው የመከልከያውን ቁልፍ ቢጫን ውሳኔው የሚያስነቅፍ አይደለም። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ መተግበሪያው ያንኑ ሳጥን ዳግመኛ ሊያሳየው አይችልም።

ይህ ጽሑፍ ሁለት ተያያዥ ጥያቄዎችን ይመረምራል። የመጀመሪያው፣ አይኦኤስ ለማሳወቂያ ፈቃድ እንዲጠየቅ የሚያስገድደው ለምንድን ነው? የሚል ነው። ሁለተኛው፣ አንድ መተግበሪያ ይህን ፈቃድ መቼ ቢጠይቅ ይሻላል? የሚል ነው። የሁለተኛው ጥያቄ መልስ ከመጀመሪያው የሚወጣ መሆኑን ለማሳየት የአንድ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት መተግበሪያ በምሳሌነት ቀርቦ ከመነሻ እስከ መድረሻ ይተነተናል። የጽሑፉ ዋና ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው፦ ሳጥኑ ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ ስለሌለውና አንዴ ብቻ ስለሚታይ፣ ምክንያቱን መናገር የሚችለው የሚታይበት ጊዜ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ትክክለኛው ጊዜ ተጠቃሚው ራሱ ወደፊት መልስ የሚያስጠብቅ ነገር ያደረገበት ቅጽበት ነው።

2. ፈቃዱ የሚጠብቀው ምንድን ነው?

የስልክ ፈቃዶች በአብዛኛው የሚጠብቁት ከተጠቃሚው ወደ ውጭ የሚወጣ መረጃን ነው። የካሜራ፣ የማይክሮፎን፣ የአድራሻ መዝገብና የመገኛ ቦታ ፈቃዶች በሙሉ የሚመልሱት "ይህ መተግበሪያ ስለ እኔ ምን ማወቅ ይችላል?" ለሚለው ጥያቄ ነው። የማሳወቂያ ፈቃድ ግን አቅጣጫው የተገላቢጦሽ ነው። የሚጠብቀው ከውጭ ወደ ተጠቃሚው የሚገባውን ነገር፣ ማለትም ትኩረቱን ነው። ማሳወቂያ የተቆለፈውን ስክሪን ያበራል፣ ድምፅ ያሰማል፣ በመተግበሪያው አዶ ጥግ ላይ ቀይ ቁጥር ያስቀምጣል። ይህ ሁሉ የሚሆነው መተግበሪያው ሳይከፈት፣ ላኪው በመረጠው ሰዓት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የርቀት ማሳወቂያ የሚላክበት የአፕል አገልግሎት በይፋ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ2009 ከአይፎን ኦኤስ 3.0 ጋር ነበር። በዚህ አሠራር እያንዳንዱ መተግበሪያ የየራሱን ግንኙነት ከየራሱ ሰርቨር ጋር ክፍት አድርጎ አይቆይም። በምትኩ ስልኩ ከአፕል ሰርቨር ጋር አንድ የጋራ ግንኙነት ይይዛል፤ የመተግበሪያው ባለቤት መልእክቱን ለአፕል ይሰጣል፤ አፕልም በዚያ መስመር ወደ ስልኩ ያደርሰዋል። ይህ ባትሪን ይቆጥባል፤ ነገር ግን ለላኪው መልእክት መላክን እጅግ ርካሽ ያደርገዋል። ለአንድ ሚሊዮን ሰው መላክ ለአንድ ሰው ከመላክ እምብዛም የማይለይ ሥራ ይሆናል። ወጪው የሚያርፈው በተቀባዩ ላይ ነው፤ እርሱም ከሥራው፣ ከጨዋታው ወይም ከእንቅልፉ ይነቃል።

ላኪው የማይከፍለውን ወጪ ተቀባዩ የሚከፍል ከሆነ፣ እያንዳንዱ ላኪ ከሚያስፈልገው በላይ ለመላክ ይገፋፋል። ሌሎቹ ብዙ ሲልኩ ጥቂት የሚልከው ይረሳልና ጨዋዎቹም ቀስ በቀስ ወደዚያው ይሳባሉ። ፈቃዱ ይህን ሚዛን ለማስተካከል የተቀመጠ በር ነው። በሩን የሚከፍተው ተቀባዩ እንጂ ላኪው አይደለም። የሕጉ ወሰንም በጊዜ ሂደት ሰፍቷል። ስልኩ ራሱ ያለ ኢንተርኔት የሚያስነሣቸው የአገር ውስጥ ማሳወቂያዎች እ.ኤ.አ. በ2010 በአይኦኤስ 4 ሲጀመሩ ፈቃድ አያስፈልጋቸውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 በአይኦኤስ 8 እነርሱም በፈቃዱ ሥር ገቡ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ለተረበሸው ሰው ድምፁ ከሰርቨር ይምጣ ከስልኩ ውስጥ ይነሣ ልዩነት የለውም። አንድሮይድ ለረጅም ዘመን ማሳወቂያን ሳይጠይቅ ሲፈቅድ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2022 በ13ኛው እትሙ ተመሳሳይ የፈቃድ ጥያቄ ማስገባቱ፣ ጉዳዩ የአንድ ኩባንያ ምርጫ ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል።

3. የሳጥኑ ሁለት ባሕርያት

ገንቢዎች ጊዜን በሚመለከት የሚሠሩት ስሕተት በአብዛኛው የሚመነጨው የሳጥኑን ሁለት ባሕርያት ካለማጤን ነው።

የመጀመሪያው ባሕርይ አንዴ ብቻ መታየቱ ነው። መተግበሪያው `requestAuthorization` የሚለውን ትእዛዝ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠራ ሥርዓቱ ሳጥኑን ያሳያል፤ የተጠቃሚውንም መልስ ይመዘግባል። ከዚያ በኋላ ትእዛዙ መቶ ጊዜ ቢጠራ ሳጥኑ አይመጣም፤ ሥርዓቱ የተመዘገበውን መልስ ብቻ ይመልሳል። የከለከለ ሰው ሐሳቡን ለመለወጥ ራሱ ወደ ስልኩ Settings ገብቶ፣ መተግበሪያውን ፈልጎ፣ ማሳወቂያውን መክፈት ይኖርበታል። ይህ ጥብቅነት ከመጀመሪያው ዓላማ ጋር ይስማማል። መተግበሪያ ደጋግሞ መጠየቅ ቢችል ኖሮ፣ ከመረበሽ እንዲጠብቅ የተሠራው ጥያቄ ራሱ መረበሻ በሆነ ነበር።

ሁለተኛው ባሕርይ ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ የሌለው መሆኑ ነው። መተግበሪያ ካሜራ ሲጠይቅ ገንቢው `NSCameraUsageDescription` በሚለው ሥር የጻፈው ዐረፍተ ነገር በሳጥኑ ውስጥ ይታያል፤ የመገኛ ቦታ ፈቃድም እንዲሁ ነው። ለማሳወቂያ ግን እንዲህ ያለ ቦታ የለም። ሳጥኑ ለሁሉም መተግበሪያ አንድ ዓይነት ቃል ይናገራል፤ የሚለወጠው የመተግበሪያው ስም ብቻ ነው። የባንክ መተግበሪያም፣ የጨዋታ መተግበሪያም፣ የመድኃኒት ሰዓት የሚያስታውስ መተግበሪያም በዚያ ሳጥን ላይ ሲታዩ አንድ ናቸው።

ሁለቱ ባሕርያት ሲጣመሩ ውጤቱ ይህ ነው፦ ተጠቃሚው ምክንያቱ ያልተጻፈበትን፣ ሊደገም የማይችል ጥያቄ ይመልሳል። ምክንያቱን ማግኘት የሚችለው ሳጥኑ ከመታየቱ በፊት በነበሩት ጥቂት ሰከንዶች ከሠራውና ካየው ነገር ብቻ ነው። ስለዚህ የጊዜ ምርጫ የማስዋብ ጉዳይ ሳይሆን የጥያቄው ይዘት አካል ነው።

4. ተስማሚውን ጊዜ እንዴት መለየት ይቻላል?

"በመጀመሪያው ቀን አትጠይቅ" ወይም "ተጠቃሚው ሦስት ጊዜ ከከፈተ በኋላ ጠይቅ" የሚሉ ምክሮች በገንቢዎች ዘንድ የተለመዱ ናቸው። እነዚህ ምክሮች ጥያቄውን ከመጀመሪያው ገጽ ስለሚያርቁት ጥቂት ይጠቅማሉ፤ ነገር ግን የሚለኩት የመተግበሪያውን ሰዓት እንጂ የተጠቃሚውን ጉዳይ አይደለም። ሦስተኛ ጊዜ የከፈተ ሰው የሚጠብቀው ነገር ከሌለ ሳጥኑ ለእርሱ እንደ መጀመሪያው ቀን ሁሉ ምክንያት የለሽ ነው።

የተሻለው መለኪያ ሦስት ነገሮችን አንድ ላይ ይመለከታል። አንደኛ፣ ተጠቃሚው በራሱ ፈቃድ አንድ ነገር አድርጓል። ሁለተኛ፣ የዚያ ነገር ውጤት የሚመጣው አሁን ሳይሆን ወደፊት፣ መተግበሪያው ተዘግቶ ባለበት ሰዓት ነው። ሦስተኛ፣ ውጤቱን ዘግይቶ ማወቅ ለተጠቃሚው ኪሳራ ያመጣል። ሦስቱ በተገናኙበት ቦታ ማሳወቂያ የላኪው ፍላጎት መሆኑ ቀርቶ የተቀባዩ ፍላጎት ይሆናል። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ግን ጥያቄው ይላላል። ለምሳሌ ጋዜጣ አንብቦ የጨረሰ ሰው አንድ ነገር አድርጓል፤ ነገር ግን የሚጠብቀው ውጤት የለም። ስለዚህ ከጽሑፉ መጨረሻ ሳጥኑን ማሳየት ተስማሚ አይሆንም። ያው አንባቢ አንድን ጸሐፊ ለመከታተል ቁልፍ ከተጫነ ግን የሚጠብቀው ነገር ተፈጥሯል።

5. ምሳሌ፦ የቤተ መጻሕፍት ወረፋ

ለትንተና እንዲመች አንድ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት መተግበሪያ እናስብ። መተግበሪያው ሦስት ነገሮችን ይሠራል፤ መጽሐፍ ይፈልጋል፣ ተጠቃሚው የተዋሳቸውን መጻሕፍትና የመመለሻ ቀናቸውን ያሳያል፣ በሌላ ሰው እጅ ላለ መጽሐፍም ወረፋ ያስይዛል። ወረፋ የተያዘለት መጽሐፍ ሲመለስ ለባለተራው 2 ቀን ብቻ ይቀመጥለታል። በ2 ቀን ውስጥ ካልመጣ መጽሐፉ ለቀጣዩ ሰው ይተላለፋል።

አንዲት የማስተርስ ተማሪ ዓርብ ማታ ለመመረቂያ ጽሑፏ የምትፈልገውን መጽሐፍ ትፈልጋለች። መጽሐፉ ተወስዷል፤ ከፊቷም አንድ ሰው አለ። ወረፋ ትይዛለች። ከ11 ቀን በኋላ፣ ማክሰኞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ መጽሐፉ ተመልሶ በስሟ ይቀመጣል። ሐሙስ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ድረስ ካልወሰደችው ተራዋን ታጣለች። መጽሐፉ የሚመለስበትን ቀን አስቀድሞ የሚያውቅ የለም፤ መተግበሪያውን በየቀኑ እየከፈተች እንድታይም አይጠበቅም። ሦስቱ መለኪያዎች እዚህ ሙሉ ናቸው።

መተግበሪያው ሳጥኑን ገና ሲከፈት ቢያሳያት ኖሮ፣ በዚያች ቅጽበት የምታውቀው ቤተ መጻሕፍቱ "ማሳወቂያ ሊልክ እንደሚፈልግ" ብቻ ነው። የስብሰባና የዐውደ ርእይ ማስታወቂያ ይሆናል ብላ ልትገምትና ልትከለክል ትችላለች። በዓርቡ ማታ ግን ወረፋው በተያዘበት ገጽ ላይ "መጽሐፉ ሲደርስ አሳውቀኝ" የሚል ቁልፍ ቢቀመጥ፣ ያን ቁልፍ የተጫነች ተማሪ ሳጥኑ ሲመጣ ምክንያቱን አስቀድማ ራሷ ተናግራዋለች። ሳጥኑ የሚጠይቃት ቀድማ የጠየቀችውን ነው።

ቁልፉን ካልተጫነችስ? ሳጥኑ አይታይም፤ የፈቃዱ ሁኔታ `notDetermined`፣ ማለትም "ገና ያልተወሰነ" ሆኖ ይቆያል። መተግበሪያው ያለውን አንድ ዕድል አላባከነም፤ በሚቀጥለው ወረፋ ቁልፉ እንደገና ይቀርባል። ይህ አቀራረብ ብዙ መተግበሪያዎች ከሚጠቀሙበት የመግቢያ ስክሪን የተለየ መሆኑን ማስተዋል ይገባል። በመግቢያ ስክሪን ላይ ከሳጥኑ በፊት ሙሉ ገጽ ተዘጋጅቶ "ፍቀድ" እና "አሁን አይደለም" የሚሉ ሁለት ቁልፎች ይቀርባሉ፤ የሁለተኛው ቁልፍ ዓላማ ሊከለክሉ ያሰቡትን ከሳጥኑ ማራቅ ነው። የአፕል የንድፍ መመሪያ ይህን አይደግፍም። ከሥርዓቱ ሳጥን በፊት የሚቀርብ ገጽ ወደ ሳጥኑ የሚወስድ አንድ ቁልፍ ብቻ እንዲኖረው፣ የቁልፉም ስም "ፍቀድ" እንዳይሆን ያሳስባል፤ አለበለዚያ ተጠቃሚው ውሳኔውን እንዳይሰጥ እየተመራ እንደሆነ ይሰማዋልና። በወረፋው ገጽ ላይ ያለው "አሳውቀኝ" ግን የመተግበሪያው አንድ አገልግሎት ነው። ተጠቃሚው ይፈልገዋል ወይም ያልፈዋል፤ መንገዱን የሚዘጋበት ስክሪን የለም።

በኮድ ደረጃ ሥራው አጭር ነው። ቁልፉ ሲነካ መተግበሪያው አስቀድሞ ያለውን ሁኔታ ይጠይቃል፤ ከዚያም እንደ ሁኔታው ይሠራል፦

```swift
func notifyMeTapped() async throws {
    let center = UNUserNotificationCenter.current()
    let settings = await center.notificationSettings()
    switch settings.authorizationStatus {
    case .notDetermined:
        let ok = try await center.requestAuthorization(
            options: [.alert, .sound])
        showResult(ok)
    case .denied:
        showSettingsHint()
    default:
        showResult(true)
    }
}
```

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ማብራሪያ ይሻሉ። አንደኛው፣ የተጠየቀው ጽሑፍና ድምፅ ብቻ ነው። በአዶው ላይ ቁጥር ማሳየት ለወረፋው ጉዳይ ስለማያስፈልግ `.badge` አልተካተተም፤ ለተባለው ጉዳይ የማይጠቅም ነገር አለመጠየቅ ጥያቄውን ንጹሕ ያደርገዋል። ሁለተኛው፣ ቀድሞ የከለከለ ሰው የሚገባበት `.denied` የሚለው መንገድ ባዶ አይደለም። ተጠቃሚው "አሳውቀኝ" ብሎ ምንም ካልተፈጠረ መተግበሪያው የተበላሸ ይመስለዋል። ስለዚህ በዚህ መንገድ ማሳወቂያው በስልኩ ላይ መዘጋቱ ይነገረዋል፤ ከአይኦኤስ 16 ጀምሮም በ`openNotificationSettingsURLString` አማካይነት በቀጥታ ወደ መተግበሪያው የማሳወቂያ ቅንብር መውሰድ ይቻላል። መክፈት የማይፈልግ ከሆነ ደግሞ መጽሐፉ መድረሱ በኢሜይል እንዲነገረው ይደረጋል። ይህ በጎ ፈቃድ ብቻ አይደለም፤ የአፕ ስቶር የግምገማ ደንብ አንቀጽ 4.5.4 መተግበሪያ እንዲሠራ ማሳወቂያን ቅድመ ሁኔታ ማድረግን ይከለክላል።

6. የጸጥታው መንገድና ወሰኑ

እ.ኤ.አ. በ2018 አይኦኤስ 12 ሳጥኑን ጨርሶ የማያሳይ ሌላ መንገድ አስገባ። ገንቢው ከአማራጮቹ መካከል `.provisional` የሚለውን ከጨመረ መተግበሪያው ሳይጠይቅ በጊዜያዊነት መላክ ይችላል። ማሳወቂያዎቹ ግን በጸጥታ ነው የሚገቡት፤ ድምፅ አያሰሙም፣ በተቆለፈው ስክሪን ላይ አይወጡም፣ በአዶው ላይ ቁጥር አያስቀምጡም። የሚገኙት ተጠቃሚው የማሳወቂያ ማዕከሉን ሲከፍት ነው። እዚያም ይቀጥሉ ወይስ ይቁሙ የሚለውን የሚወስንባቸው ቁልፎች ያገኛል።

ይህ መንገድ የጊዜውን ጥያቄ በሌላ አቅጣጫ ይፈታዋል፤ ተጠቃሚው የሚወስነው ስለ ተስፋ ሳይሆን በዓይኑ ስላየው ማሳወቂያ ነው። ለዜና ማጠቃለያ ወይም ለሳምንታዊ ዘገባ ተስማሚ ነው፤ ዘግይቶ ቢታይ የሚጎዳው ነገር የለምና። ለተማሪዋ ግን አይበቃም። ማክሰኞ ጠዋት በጸጥታ የገባ ማሳወቂያ ሐሙስ ከሰዓት ቢነበብ መጽሐፉ ሄዷል። ከዚህ የሚወጣው ደንብ ቀላል ነው፦ መዘግየት የማይጎዳው መልእክት በጸጥታው መንገድ ይሂድ፤ መዘግየት የሚጎዳው ደግሞ በግልጽ ይጠየቅበት።

7. ውጤቱን በምን መለካት ይገባል?

የጊዜ ለውጥ ያደረገ ቡድን ብዙውን ጊዜ የሚመለከተው አንድ ቁጥር ነው፤ ከተጠየቁት ስንቱ ፈቀዱ? ይህ ቁጥር በሁለት በኩል ያሳስታል። ነገሩን ለማየት ለስሌት ብቻ የታሰበ ምሳሌ እንውሰድ። መተግበሪያውን 1000 ተማሪዎች ጭነዋል እንበል፤ ከእነርሱ መካከል በሴሚስተሩ ውስጥ ወረፋ የሚይዙት 300 ናቸው። ገና ሲከፈት ቢጠየቁ ግማሾቹ፣ በወረፋው ገጽ ላይ ቢጠየቁ ደግሞ ከመቶ 80ዎቹ ይፈቅዳሉ ብለን እናስብ።

በመጀመሪያው አሠራር 500 ሰዎች ፈቅደዋል። በሁለተኛው አሠራር የተጠየቁት 300 ብቻ ናቸውና የፈቀዱት 240 ናቸው። ጠቅላላ ቁጥሩን የሚመለከት ሥራ አስኪያጅ የመጀመሪያውን ይመርጣል፤ መቶኛውን የሚመለከት ደግሞ ሁለተኛውን። ሁለቱም ትክክለኛውን ጥያቄ አልጠየቁም። ማሳወቂያው የተፈለገው መጽሐፉ ሲደርስ ለባለወረፋው ለመንገር ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት፣ ወረፋ ከያዙት 300 ሰዎች ውስጥ መጽሐፉ በደረሰበት ሰዓት ማሳወቂያ ሊደርሳቸው የሚችለው ስንት ናቸው? ነው። በመጀመሪያው አሠራር መልሱ 150 ነው፤ በሁለተኛው 240። በመጀመሪያው አሠራር የከለከሉት 150 ባለወረፋዎች ደግሞ አሁን ምክንያቱ ቢገባቸው እንኳ ሳጥኑ አይመጣላቸውም። በሁለተኛው አሠራር ወረፋ ያልያዙት 700 ሰዎች ገና አልተጠየቁም፤ ዕድሉ ለሚቀጥለው ሴሚስተር አለ።

ስሌቱ አንድ ግምት ተሸክሟል፤ ገና ሲከፈት የሚፈቅዱት ሰዎች በኋላ ወረፋ በሚይዙትና በማይዙት መካከል እኩል ተከፋፍለዋል የሚል ነው። በእውነተኛው ዓለም ትጉ ተጠቃሚዎች ሁለቱንም የማድረግ ዝንባሌ ሊኖራቸው ስለሚችል 150 የሚለው ቁጥር ከፍ ሊል ይችላል። ይህን በግምት ሳይሆን በሙከራ መለየት ይገባል። አዲስ ተጠቃሚዎች መተግበሪያውን ለመጀመሪያ ጊዜ በከፈቱበት ሰዓት በዕጣ ለሁለት ይከፈላሉ፤ አንዱ ክፍል በመግቢያው፣ ሌላው በወረፋው ገጽ ይጠየቃል። ክፍፍሉ የሚደረገው በመጠየቂያው ሰዓት ሳይሆን በመጀመሪያው ሰዓት መሆኑ ወሳኝ ነው። በመጠየቂያው ሰዓት ከተደረገ በሁለተኛው ክፍል ውስጥ የሚቆጠሩት ወረፋ እስኪይዙ ድረስ የቆዩት ብቻ ይሆናሉ፤ ንጽጽሩም ከጅምሩ ይዛባል። የመጨረሻው መለኪያም የፈቃድ ቁጥር ሳይሆን፣ በ2 ቀን ውስጥ ባለተራው የወሰዳቸው መጻሕፍት ድርሻ ነው።

8. በተግባር የሚያጋጥሙ ስሕተቶችና ምልክቶቻቸው

የመጀመሪያው ስሕተት የመልእክት ቶከንን ከፈቃድ ጋር ማምታታት ነው። ስልኩ `registerForRemoteNotifications` ሲጠራ ከአፕል የሚቀበለው ቶከን የመሣሪያው አድራሻ ነው፤ ተጠቃሚው ማሳወቂያ ባይፈቅድም ቶከኑ ይሰጣል። ሰርቨሩ ያሉትን ቶከኖች ቆጥሮ "ይህን ያህል ሰው ይደርሰዋል" ካለ ቁጥሩ ከእውነታው በላይ ይሆናል። አፕል መልእክቱን ተቀብሎ የ200 ምላሽ መስጠቱም በስክሪን ላይ መታየቱን አያረጋግጥም፤ ለመላክ መቀበሉን ብቻ ነው የሚናገረው። የስሕተቱ ምልክት የላኪው ዘገባ ሁሉ የተሳካ ሆኖ ሳለ መጻሕፍቱ ሳይወሰዱ ጊዜያቸው ማለፉ ነው። መፍትሔው ከቶከኑ ጋር የፈቃዱን ሁኔታ ለሰርቨሩ መላክና ማሳወቂያ ለማይደርሳቸው በኢሜይል መጻፍ ነው።

ሁለተኛው ስሕተት ፈቃድን አንዴ ተመዝግቦ የሚቀር ነገር አድርጎ ማየት ነው። ተጠቃሚው በማንኛውም ሰዓት ከቅንብሩ ሊዘጋው ይችላል፤ ከአይኦኤስ 12 ወዲህም ከራሱ ከማሳወቂያው ላይ ማጥፋት ይቻላል። አንዳንዱ ደግሞ ፈቃዱን ሳይዘጋ ድምፁን ብቻ ወይም በተቆለፈው ስክሪን መታየቱን ብቻ ያጠፋል። ስለዚህ መተግበሪያው ወደ ፊት በመጣ ቁጥር ሁኔታውን እንደገና ማንበብ አለበት፤ ጠቅላላውን `authorizationStatus` ብቻ ሳይሆን `soundSetting` እና `lockScreenSetting` የመሳሰሉትንም ጭምር።

ሦስተኛው ስሕተት በአንድ ምክንያት የተገኘን ፈቃድ ለሌላ መጠቀም ነው። ለወረፋ የፈቀደችው ተማሪ ስለ መጽሐፍ ሽያጭ ማሳወቂያ ቢደርሳት የምታጠፋው የሽያጩን ብቻ ላይሆን ይችላል፤ በሩን ሙሉ በሙሉ ልትዘጋው ትችላለች። ያን ጊዜ ወረፋዋም አብሮ ይዘጋል። ከላይ የተጠቀሰው አንቀጽ 4.5.4 ለማስተዋወቅ የሚላክ ማሳወቂያ በመተግበሪያው ውስጥ የተለየ ግልጽ ስምምነትና የመተው አማራጭ እንዲኖረው ያዛል። የስሕተቱ ምልክት በቀን በቀን በሚያዝ መዝገብ ላይ ይታያል፤ ከአንድ መልእክት በኋላ ባሉት ቀናት ፈቃዳቸው የተዘጋ ሰዎች ቁጥር ድንገት ከጨመረ መመርመር ያለበት ያ መልእክት ነው።

አራተኛው ስሕተት በሙከራ ወቅት ይፈጠራል። ሞካሪዎች መተግበሪያውን እያጠፉና እየጫኑ ሳጥኑን ደጋግመው ማየት ይችላሉ፤ ሥራቸውን ለመቀጠልም ሁልጊዜ ይፈቅዳሉ። በዚህ ምክንያት የከለከለ ሰው የሚያየው ገጽ ሳይፈተሽ ለሕዝብ ይወጣል። አንዳንዴ ደግሞ ከውጭ የተጨመረ የኮድ ስብስብ ገና ሲነሣ በራሱ ፈቃድ ይጠይቃል፤ በገንቢው ኮድ ውስጥ ጥያቄው በወረፋው ገጽ ላይ ብቻ ቢገኝም ሳጥኑ በመግቢያው ላይ ይታያል። ሁለቱንም ለመያዝ በንጹሕ ስልክ ላይ ሁለት ሙከራ ይበቃል፤ በአንደኛው ወረፋ ሳይያዝ ሁሉንም ገጽ ማለፍና ሳጥኑ አለመታየቱን ማረጋገጥ፣ በሁለተኛው ሳጥኑ ሲመጣ መከልከልና ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ እስከ መጨረሻው መከተል።

9. ማጠቃለያ

አይኦኤስ ለማሳወቂያ ፈቃድ እንዲጠየቅ የሚያስገድደው መላክ ለላኪው ርካሽ፣ መቀበል ግን ለተቀባዩ ውድ ስለሆነ ነው። ጥያቄው አንዴ ብቻ እንዲታይ የተደረገውም በዚያው ምክንያት ነው። ሳጥኑ ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ ስለሌለው የሚታይበት ቅጽበት ምክንያቱን ተሸክሞ መምጣት አለበት። በምሳሌው እንደታየው ተጠቃሚው ወደፊት የሚደርስና ቢያመልጠው የሚጎዳው ነገር በራሱ እጅ ባስጀመረበት ቦታ ላይ ይህ ይሟላል። ይህን ቦታ የሚፈልግ ገንቢ "ተጠቃሚው መቼ ይፈቅዳል?" ከማለት ይልቅ "ተጠቃሚው ስልኩን ኪሱ ከትቶ ሲሄድ ከእኛ የሚጠብቀው ምንድን ነው?" ብሎ ይጠይቅ። የሚጠብቀው ነገር ያልተገኘበት መተግበሪያ ሳጥኑን ጨርሶ ባያሳይ የሚያጣው ነገር የለም።